ፕሮግራምን የሚያርም ፕሮግራም የማይጻፍበት ምክንያት

አንድ የፕሮግራሚንግ መምህር ለተማሪዎቹ ቀላል የቤት ሥራ ሰጠ እንበል፦ ማንኛውንም ሙሉ ቁጥር ተቀብሎ እጥፉን የሚመልስ ፕሮግራም ጻፉ። 3 ሲገባ 6፣ 50 ሲገባ 100 ይውጣ። ተማሪዎቹ ብዙ ስለሆኑ መምህሩ የሁሉንም ኮድ ቁጭ ብሎ ከማንበብ ይልቅ የሚያርምለት ሌላ ፕሮግራም ለመጻፍ አሰበ። ይህ አራሚ የተማሪውን ኮድ እንደ ጽሑፍ ተቀብሎ ከሁለት አንዱን ይላል፦ «አዎ፣ ይህ ፕሮግራም ለየትኛውም ቁጥር እጥፉን ይመልሳል» ወይም «አይ፣ እጥፉን የማይመልስለት ቁጥር አለ»። መምህሩ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው። አራሚው በአንድም ተማሪ ላይ አይሳሳት፤ የትኛውም ኮድ ቢሰጠውም መልስ ሳይሰጥ አይቅር።

እንዲህ ያለ አራሚ ሊጻፍ አይችልም። ጊዜ ስላጠረ ወይም የዛሬ ኮምፒውተር አቅም ስላነሰው አይደለም፤ አለመኖሩ በሒሳብ ተረጋግጧል። ጉዳዩም በእጥፍ ላይ ብቻ የቆመ አይደለም። «ይህ ፕሮግራም ስሞችን በፊደል ተራ ይደረድራል?»፣ «ይህ ፕሮግራም 0 የሚመልስበት ጊዜ አለ?»፣ «እነዚህ ሁለት ፕሮግራሞች አንድ ዓይነት ውጤት ይሰጣሉ?» ብሎ ለሚጠይቅም መልሱ ያው ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ዐረፍተ ነገር የጠቀለለው አሜሪካዊው የሒሳብ ሰው ሄንሪ ጎርደን ሪስ ነው። ቲዎረሙን እ.ኤ.አ. በ1951 በሲራክዩስ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ዲግሪው ባቀረበው ጽሑፍ ውስጥ አረጋገጠ፤ በ1953 ደግሞ በአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር መጽሔት ላይ አሳተመው። የሪስ ቲዎረም የሚባለው ይህ ነው፤ በአገራችንም የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ኦቶማታና ኮምፕሌክሲቲ ሲማሩ ያገኙታል። ብዙዎቹ ለፈተና ብለው ይሸመድዱትና ውስጡን ሳያዩት ያልፋሉ። ማረጋገጫው ግን አምስት ደቂቃ ትዕግሥት ላለው ሰው ሁሉ ክፍት ነው፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም እሱ ነው።

መጀመሪያ ቀላሉን መንገድ እንሞክር። መምህሩ የተማሪውን ፕሮግራም በሺህ ቁጥሮች ይፈትነዋል፤ ሺውንም ካለፈ «አዎ» ይላል። ነገር ግን አንድ ተማሪ፣ አውቆም ይሁን ሳያውቅ፣ ቁጥሩ 7340033 ሲሆን ብቻ 0 የሚመልስ መስመር ኮዱ ውስጥ ቢያስገባ ፈተናው ላያገኘው ይችላል። ሺውን ወደ ሚሊዮን ብናሳድገውም ቁጥሮች ማለቂያ ስለሌላቸው ያልተሞከረ ቁጥር ሁልጊዜ ይተርፋል። ስለዚህ አራሚው ኮዱን ማስኬድ ብቻ ሳይሆን ማንበብና መረዳት አለበት።

ማንበብስ ምን ያህል ያስኬዳል? ይህን የተማሪ ኮድ እንይ፦

```python
def f(x):
    n = 4
    while sum_of_two_primes(n):
        n = n + 2
    return 2 * x
```

የመጨረሻው መስመር ትክክል ነው፤ የ`x`ን እጥፍ ይመልሳል። ነገር ግን ፕሮግራሙ እዚያ ከመድረሱ በፊት ሌላ ሥራ አለበት። ከ4 ጀምሮ ተጋማሽ ቁጥሮችን አንድ በአንድ እየወሰደ፣ ቁጥሩ የሁለት ፕራይም ቁጥሮች ድምር መሆኑን ይፈትሻል። ፕራይም ማለት እንደ 2፣ 3፣ 5 እና 7 ከ1 የሚበልጥ ሆኖ ከ1 እና ከራሱ በቀር ለሌላ ቁጥር ያለ ቀሪ የማይካፈል ቁጥር ነው። 4 የ2 እና የ2 ድምር ነው፣ 6 የ3 እና የ3፣ 8 የ3 እና የ5። ድምር የማይሆን ተጋማሽ ቁጥር ከተገኘ ሉፑ ይቆምና እጥፉ ይመለሳል። ካልተገኘ ፕሮግራሙ ሲፈልግ ይኖራል፤ ለማንም ምንም አይመልስም።

እንዲህ ያለ ቁጥር እንደሌለ የገመተው ክርስቲያን ጎልድባክ ነው፤ ግምቱ ለሊዮናርድ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1742 ከጻፈው ደብዳቤ ይነሳል። እስከ 4×10¹⁸ ድረስ ያሉት ተጋማሽ ቁጥሮች በኮምፒውተር ተፈትሸው ግምቱን የሚያፈርስ አልተገኘም። ግን እስካሁን ግምቱን ያረጋገጠው ሰው የለም። የመምህሩ አራሚ ይህን ባለ አምስት መስመር ኮድ አርሞ «አዎ» ወይም «አይ» ካለ፣ የሒሳብ ሊቃውንት ከ280 ዓመት በላይ ያልፈቱትን ጥያቄ ፈታ ማለት ነው።

ይህ ሥራው ከባድ መሆኑን ያሳየናል እንጂ አለመቻሉን ገና አያሳይም። ነገ አንድ ሰው የጎልድባክን ግምት ቢያረጋግጥ የዚህ ኮድ መልስ «አይ» መሆኑ ይታወቃል። አንድ ጥያቄ «በኮምፒውተር አይወሰንም» ሲባል የአንድ የተወሰነ ኮድ መልስ አይታወቅም ማለት አይደለም። የተሰጠውን ኮድ ሁሉ፣ አንድም ሳያስቀር፣ በትክክል የሚመልስ አንድ ወጥ አሠራር የለም ማለት ነው። ይህን ለይቶ መያዝ ያሻል፤ ተማሪዎች ከሚሰናከሉባቸው ቦታዎች አንዱ ነውና። ከኮዱ ግን አንድ ነገር ይዘን እንሂድ፦ ቅርጹን። መጀመሪያ ያልቅ አያልቅ የማይታወቅ ሥራ፣ ከዚያ በኋላ `return 2 * x`። ሪስ የሠራው በዚሁ ቅርጽ ነው።

አለመቻሉን ለማሳየት ወደ አለን ቱሪንግ መመለስ አለብን። ቱሪንግ እ.ኤ.አ. በ1936 ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ የኬምብሪጅ ወጣት ሳለ፣ ዛሬ ቱሪንግ ማሽን የምንለውን የስሌት ሞዴል ነደፈ፤ ማንኛውም ማሽን ሊመልሳቸው የማይችል ጥያቄዎች እንዳሉም በዚያው ጽሑፍ አሳየ። ከነዚህ ታዋቂው የመቆም ጥያቄ ነው፤ ዛሬ በመማሪያ መጻሕፍት የምናገኘው መልኩ ከቱሪንግ በኋላ በመጡ ሰዎች የተስተካከለ ነው። ጥያቄው ይህ ነው፦ የአንድ ፕሮግራም ጽሑፍና ለፕሮግራሙ የሚሰጥ ግብዓት ሲቀርብልን፣ ፕሮግራሙ በዚያ ግብዓት ላይ ሥራውን ጨርሶ ይቆማል ወይስ ሳያቆም ይቀጥላል?

ይህን ያለ ስሕተት የሚመልስ `halts` የሚባል ፕሮግራም አለ ብለን እንነሳ። እሱን ተጠቅመን ይህን እንጽፋለን፦

```python
def d(s):
    if halts(s, s):
        while True:
            pass
    return 0
```

`d` የአንድን ፕሮግራም ጽሑፍ ይቀበላል። ከዚያም `halts`ን «ይህ ፕሮግራም የራሱ ጽሑፍ ግብዓት ሆኖ ቢሰጠው ይቆማል?» ብሎ ይጠይቃል። ፕሮግራምን የራሱን ጽሑፍ ማብላት እንግዳ ነገር አይደለም፤ ብዙ ኮምፓይለሮች የራሳቸውን ኮድ የሚተረጉሙት እንዲሁ ነው። መልሱ «ይቆማል» ከሆነ `d` ማለቂያ በሌለው ሉፕ ውስጥ ይገባል፤ «አይቆምም» ከሆነ 0 መልሶ ይቆማል።

አሁን ለ`d` የራሱን የ`d`ን ጽሑፍ እንስጠው። `halts` «ይቆማል» ካለ `d` አይቆምም፤ «አይቆምም» ካለ `d` ወዲያው ይቆማል። `halts` የትኛውንም ቢል ይሳሳታል። የማይሳሳት `halts` አለ ብለን ስለተነሳን፣ መነሻችን ፈረሰ፤ እንዲህ ያለ ፕሮግራም የለም።

ወደ እጥፉ እንመለስ። የመምህሩ አራሚ ተጽፏል፣ ስሙም `is_double` ነው፣ መቼም አይሳሳትም እንበል። አንድ ሰው መጥቶ የማናውቀውን ፕሮግራም `p` እና ግብዓት `w` ሰጥቶን «`p` በ`w` ላይ ይቆማል?» ብሎ ይጠይቀናል። እኛ ይህን አዲስ ፕሮግራም እንጽፋለን፦

```python
def q(x):
    p(w)
    return 2 * x
```

`q` የተቀበለውን `x` ለጊዜው ወደ ጎን ትቶ `p`ን በ`w` ላይ ያስኬዳል። `p` የሚያትመውንም ሆነ የሚመልሰውን ሁሉ ይጥለዋል፤ የሚያስፈልገው `p` ማለቁ ብቻ ነው። `p` በስሕተት ቢቋረጥም እንዳለቀ ይቆጠራል። ካለቀ በኋላ የ`x`ን እጥፍ ይመልሳል።

ሊሆን የሚችለው ሁለት ነገር ነው። `p` በ`w` ላይ የሚቆም ከሆነ `q` ጥቂት ይዘገይ እንጂ ለማንኛውም ቁጥር እጥፉን ይመልሳል፤ የቤት ሥራውን በትክክል ሠርቷል። `p` የማይቆም ከሆነ `q` ለየትኛውም ቁጥር ሁለተኛው መስመር ላይ አይደርስም፤ የቤት ሥራውን ለአንድም ቁጥር አልሠራም። ስለዚህ የ`q`ን ጽሑፍ ለ`is_double` ስንሰጠው «አዎ» ካለ `p` ይቆማል፣ «አይ» ካለ አይቆምም። የመቆምን ጥያቄ መለስን ማለት ነው፤ ያ ደግሞ እንደማይቻል አይተናል። እንግዲያው `is_double` ሊኖር አይችልም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ «`p` የማይቆም ከሆነ እኛስ `q`ን ስናስኬድ ተጣብቀን አንቀርም?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ማረጋገጫውንም የሚከፍተው መልሱ ነው። `q`ን ማንም አያስኬደውም። እኛ የምንሠራው ጽሑፉን መጻፍ ብቻ ነው፤ እሱም `p` ምንም ይሁን ምን በቅጽበት የሚያልቅ የመገልበጥ ሥራ ነው። ጽሑፉን አንብቦ የሚፈርደው `is_double` ሲሆን፣ እሱ ደግሞ ሁልጊዜ መልስ ሰጥቶ እንደሚጨርስ ቃል የተገባለት ነው።

ከዚህ ወደ አጠቃላዩ ቲዎረም ያለው ርቀት አጭር ነው። በ`2 * x` ቦታ ሌላ ማንኛውንም ስሌት ብናስቀምጥ ክርክሩ ይቆማል፤ ጥያቄው ሁለት ነገር እስካሟላ ድረስ። የመጀመሪያው፣ ጥያቄው ፕሮግራሙ ስለሚያሰላው ነገር እንጂ ስለ አጻጻፉ ወይም ስለ አሠራሩ አይሁን። ሁለት ሰዎች በተለያየ መንገድ የጻፏቸው ፕሮግራሞች ለእያንዳንዱ ግብዓት አንድ ዓይነት ውጤት ከሰጡ፣ እንዲሁም አንዱ በማይቆምበት ግብዓት ሌላውም ካልቆመ፣ መልሱ ለሁለቱም አንድ መሆን አለበት። ሁለተኛው፣ ጥያቄው ትሪቪያል አይሁን፤ ማለትም መልሱ «አዎ» የሚሆንለት ቢያንስ አንድ ፕሮግራም፣ «አይ» የሚሆንለትም ቢያንስ አንድ ፕሮግራም ይኑር። ለሁሉም «አዎ» ወይም ለሁሉም «አይ» የሆነ ጥያቄ ኮዱን ሳያነቡ ይመለሳል። ሪስ ያለው እነዚህን ሁለቱን የሚያሟላ ጥያቄ ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ በኮምፒውተር አይወሰንም ነው።

የእጥፉን ማረጋገጫ ወደ ሁሉም ስናሰፋ አንድ ነገር ብቻ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። `p` ካልቆመ `q` በየትኛውም ግብዓት ላይ የማይቆም ፕሮግራም ይሆናል፤ ይህን ባዶው ፕሮግራም እንበለው። ለእጥፉ ጥያቄ የባዶው ፕሮግራም መልስ «አይ» ስለነበር፣ መልሱ «አዎ» የሆነ ስሌት መረጥን። ጥያቄው ግን «ይህ ፕሮግራም መቼም 0 አይመልስም?» ቢሆንስ? ባዶው ፕሮግራም ምንም ስለማይመልስ 0ም አይመልስም፤ መልሱ «አዎ» ነው። በዚህ ጊዜ በሁለተኛው መስመር መልሱ «አይ» የሆነ ስሌት፣ ለምሳሌ `return 0` እናስቀምጣለን። `p` ከቆመ መልሱ «አይ»፣ ካልቆመ «አዎ» ይሆናል። ተገልብጦ ይምጣ እንጂ መቆሙን ይነግረናል። ጥያቄው ትሪቪያል ባለመሆኑ፣ ከባዶው ፕሮግራም የተለየ መልስ ያለው አንድ ስሌት ሁልጊዜ እናገኛለን። ጥያቄው ስለሚሰላው ነገር ብቻ በመሆኑ ደግሞ፣ የማይቆም `p` የተሸከመ `q` በጽሑፉ ምንም ያህል ረጅምና ውስብስብ ቢሆን ከባዶው ፕሮግራም ጋር አንድ መልስ ያገኛል። ማረጋገጫው እዚህ ላይ ያበቃል፤ ከዚህ የተረፈ የተደበቀ ነገር የለም።

ፈተና ላይ ቲዎረሙ ትንሽ ሌላ ልብስ ለብሶ ይመጣል። ጥያቄዎቹ ስለ ቱሪንግ ማሽን `M` ናቸው፤ ማሽኑ የሚቀበላቸው የፊደል ሰንሰለቶች ስብስብ የማሽኑ ቋንቋ ይባላል፣ `L(M)` ተብሎም ይጻፋል። በብዛት የሚመጣው «`L(M)` ሬጉላር መሆኑ እንደማይወሰን አረጋግጥ» የሚል ነው። በሪስ ቲዎረም መልሱ ከጥቂት መስመር አይበልጥም። በመጀመሪያ፣ ጥያቄው ስለ ቋንቋው እንጂ ስለ ማሽኑ አይደለም፤ አንድ ቋንቋ ያላቸው ሁለት ማሽኖች አንድ መልስ አላቸው። ቀጥሎ ሁለት ምስክር ማቅረብ ነው። የተሰጠውን ሁሉ የሚቀበል ማሽን አለ፤ ቋንቋው ሬጉላር ነው። `a`ዎችን አስቀድሞ በቁጥር እኩል የሆኑ `b`ዎችን የሚያስከትሉ ሰንሰለቶችን ብቻ የሚቀበል ማሽንም አለ፤ ቋንቋው ሬጉላር አይደለም። ስለዚህ አይወሰንም። ነጥብ የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ምስክሩ አንድ ብቻ ሲሆን ነው፤ ወይም ተማሪው የጠቀሰውን ቋንቋ የሚቀበል ቱሪንግ ማሽን ጨርሶ ከሌለ። ሁለቱም ምስክሮች የእውነተኛ ማሽን ቋንቋዎች መሆን አለባቸው።

አንዳንድ መምህር «ሪስን ሳትጠቅስ በሪዳክሽን አሳይ» ይላል። ማረጋገጫውን የተረዳ ተማሪ ይህ አይከብደውም፤ የ`q`ን ቅርጽ መድገም ነው። አዲሱ ማሽን `x`ን ተቀብሎ መጀመሪያ `M`ን በ`w` ላይ ያስኬዳል፤ `M` ከተቀበለ ብቻ `x` እኩል `a`ዎችና `b`ዎች በተራቸው ያሉት መሆኑን አይቶ ይቀበላል። `M` `w`ን ካልተቀበለ የአዲሱ ማሽን ቋንቋ ባዶ ነው፤ ባዶ ቋንቋ ሬጉላር ነው። ከተቀበለ ግን ቋንቋው ሬጉላር ያልሆነው ይሆናል። ባዶው «አዎ» የሚልበት የተገለበጠው ዓይነት መሆኑን ልብ ይሏል።

ፈተናው ተማሪውን የሚለየው ግን ቲዎረሙ በማይሠራባቸው ጥያቄዎች ነው። «`M` ሰባት ስቴት አለው?» ማሽኑን አይቶ መቁጠር ነው፤ ይወሰናል። «`M` ከ100 እርምጃ በላይ የሚሄድበት ግብዓት አለ?» የሚለው የበለጠ ያታልላል፤ ግብዓቶች ማለቂያ ስለሌላቸው ብዙዎች «አይወሰንም» ብለው ይጽፋሉ። ነገር ግን ማሽኑ በአንድ እርምጃ አንድ ምልክት ብቻ ስለሚያነብ፣ በ100 እርምጃ ውስጥ ከግብዓቱ መጀመሪያ 100 ምልክቶች አልፎ ሊያይ አይችልም። ስለዚህ ርዝመታቸው እስከ 100 የሆኑ ሰንሰለቶችን ሁሉ መሞከር ይበቃል። ብዛታቸው ያስፈራል እንጂ መጨረሻ አላቸው፤ ጥያቄው ይወሰናል። ሪስ እዚህ አይገባም፤ ጥያቄው ስለሚፈጀው ጊዜ እንጂ ስለ ቋንቋው አይደለምና።

እኔ በጣም የምወደው ግን ይህኛውን ነው፦ «`L(M)`ን የሚቀበል፣ የስቴቶቹ ቁጥር ተጋማሽ የሆነ ማሽን አለ?» ሲያዩት ስለ ማሽን አሠራር ይመስላል፤ ሲያጤኑት ግን ስለ ቋንቋው ነው፣ የሪስን የመጀመሪያ መስፈርት ያሟላል። የሚወድቀው በሁለተኛው ነው። የስቴቶቹ ቁጥር ኢተጋማሽ በሆነ ማሽን ላይ ማንም የማይደርስበት አንድ ስቴት ብንጨምርበት ቋንቋው ሳይለወጥ ቁጥሩ ተጋማሽ ይሆናል። መልሱ ለሁሉም «አዎ» ነው፤ ጥያቄው ትሪቪያል ነው፣ ይወሰናልም።

ሪስ አይገባም ማለት ግን ሁልጊዜ ይወሰናል ማለት አይደለም። «`M` በማንኛውም ግብዓት ላይ ይቆማል?» የሚለውን እንውሰድ። የተሰጠውን ሁሉ ወዲያው የማይቀበል ማሽንና ሁልጊዜ በሉፕ የሚዞር ማሽን ቋንቋቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ባዶ። የዚህ ጥያቄ መልስ ግን ለመጀመሪያው «አዎ»፣ ለሁለተኛው «አይ» ነው። እንግዲህ ጥያቄው የቋንቋ ስላልሆነ በቋንቋ የተጻፈውን የሪስ ቲዎረም ጠቅሶ መመለስ ስሕተት ነው። ጥያቄው ግን አይወሰንም፤ የ`q`ን ቅርጽ እንደገና ወስዶ በቀጥታ ማሳየት ይቻላል። ኮርሱ ቲዎረሙን ከቋንቋ ይልቅ ፕሮግራሙ በሚያሰላው ፈንክሽን ካስተማረ ደግሞ፣ መቆምና አለመቆም የፈንክሽኑ አካል ስለሆነ ሪስን መጥቀስ ይቻላል። ተማሪው መምህሩ የትኛውን እንዳስተማረ ማወቅ አለበት።

ከፈተና ክፍል ውጭ የሚነሳው ጥያቄ ሌላ ነው። በየቀኑ ኮድ የሚፈትሹ መሣሪያዎች አሉ፣ ይሠራሉም፤ ታዲያ ሪስ ምን ከለከለ? አንዱ መልስ፣ ቲዎረሙ ማኅደረ ትውስታው ያልተገደበ ማሽንን ይመለከታል የሚል ነው። በጠረጴዛችን ላይ ያለው ኮምፒውተር ማኅደረ ትውስታው የተገደበ ስለሆነ፣ አንድ ሁኔታ ሲደገም ሉፕ ውስጥ መግባቱ ይታወቃል፤ በመርህ ደረጃ መቆሙ ይወሰናል። ግን አንድ ኪሎባይት ብቻ ያለው ማሽን እንኳ 2⁸¹⁹² ሁኔታዎች ሊኖሩት ይችላሉ፤ ይህ 2467 አሃዝ ያለው ቁጥር ነው። ይህን ያህል የሚጠብቅ የለም፤ ስለዚህ መልሱ እውነት ቢሆንም አያግዝም።

የሚያግዘው መምህሩ ከጠየቃቸው ሁለት ነገሮች አንዱን መልቀቅ ነው። የጃቫ ኮምፓይለር አንድ ተለዋዋጭ ዋጋ ሳይሰጠው እንዳይነበብ ይከለክላል። ይህ በትክክል ይፈተሽ ቢባል የማይወሰን ጥያቄ ነው። ስለዚህ ኮምፓይለሩ በአንድ በኩል ብቻ እንዲሳሳት ተደርጎ ተሠራ። `x` ወደ ሜተዱ የገባ ሙሉ ቁጥር ነው እንበል፦

```java
int y;
if (x == x) y = 1;
System.out.println(y);
```

`x` ከራሱ ጋር ሁልጊዜ እኩል ስለሆነ `y` ሁልጊዜ ዋጋ ያገኛል። ኮምፓይለሩ ግን `y` ዋጋ ላያገኝ ይችላል ብሎ ኮዱን ይመልሰዋል። ሁኔታው እውነት መሆኑን ለማወቅ አይሞክርም፤ ሁለቱም መንገዶች እንደሚቻሉ ይቆጥራል። እንዲህ በማድረጉ አንዳንድ ደኅና ፕሮግራም ይጥላል እንጂ ዋጋ የሌለው ተለዋዋጭ የሚያነብ ፕሮግራም አያሳልፍም። ጃቫ የሚጽፍ ሰው በዚህ ሲናደድ ሳይ አይገርመኝም፤ የሚናደድበት ነገር ግን የኮምፓይለሩ ሠሪዎች ስንፍና አይደለም።

በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆመው ትልቁ ሥራ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች የሠሩት አስትሬ የተባለ መሣሪያ ነው። አስትሬ ኮድን ሳያስኬድ አንብቦ፣ እያንዳንዱ ተለዋዋጭ ሊይዛቸው የሚችሉትን ዋጋዎች ከእውነተኛው ሰፋ አድርጎ ይገምታል። በሰፊው ግምት ውስጥ በዜሮ ማካፈል ወይም ከቁጥር መጠን ማለፍ ከሌለ፣ በእውነተኛው ሩጫም የለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የኤርባስ ኤ340 አውሮፕላን ዋና የበረራ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ውስጥ፣ በ132 ሺህ የሲ መስመሮች፣ እንዲህ ያለ የሩጫ ስሕተት አለመኖሩን ያለ ሰው እርዳታ አረጋገጠ። ይህ ከሪስ ጋር አይጋጭም። አስትሬ ለአንድ ዓይነት አጻጻፍ ተስተካክሎ የተሠራ ነው፤ ሌላ ዓይነት ኮድ ሲሰጠው ግምቱ ከመጠን በላይ ሊሰፋና ስሕተት በሌለበት መስመር ላይ ማስጠንቀቂያ ሊያወጣ ይችላል። ያን ጊዜ አንድ ኢንጂነር መስመሩን ከፍቶ ማስጠንቀቂያው እውነት መሆን አለመሆኑን በራሱ መመርመር ይኖርበታል።